ጠንካራ የበሬ ሥጋ ለቀይ ወጥ፦ ሙክክ እስኪል እንዴት ይበስላል? ለምንስ አንዳንዴ ጎማ ይሆናል?

በየበዓሉ ማግስት የሚደርሰኝ ጥያቄ ያው ነው። «ሥጋውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥጄው አሁንም አይታኘክም። ምን አጥፍቼ ነው?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከመመለስ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ድስት ውስጥ የጠነከረ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ የጠነከረው ብዙ ስለበሰለ አይደለም፤ ገና ስላልበሰለ ነው። ብዙ ሰው አንድ ሰዓት ላይ ቀምሶ ሲጠነክርበት «አሳለፍኩት» ብሎ ያወጣዋል። ሥጋው ግን መላላት ሊጀምር ነበር።

መመሪያው ለ1 ኪሎ ሥጋ ነው፤ 6 ሰው ያበላል። ሰዓቱን ያሰላሁት ለአዲስ አበባና እሷን ለመሰለ ደጋ ነው። ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ያላችሁ የምትቀንሱትን ደረጃ 5 ላይ ታገኛላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 1 ኪሎ የበሬ ሥጋ፦ ወርች፣ ፍሪምባ ወይም ሁለቱ ተቀላቅለው
- 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ በደቃቁ የተከተፈ
- ግማሽ ስኒ ዘይት
- ከ5 እስከ 6 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ
- 2 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል
- 3 የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ
- 1 የሻይ ማንኪያ መከለሻ
- ጨው
- 1 ሊትር ተኩል ያህል ውሃ፣ በተጨማሪም በማንቆርቆሪያ የተዘጋጀ የፈላ ውሃ
- ታቹ ወፍራም የሆነ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ድስት፤ ለቁሌቱ ሌላ ድስት
- ስለታም ቢላ፣ ሹካ፣ አረፋ ማውጫ ማንኪያ

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ብልት ግዙ

ሉካንዳ ቤት ሄዳችሁ «ጥሩ ቀይ ሥጋ ስጠኝ» ካላችሁ ለጥብስ የሚሆነውን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ለረጅም ብስለት ግን የምትፈልጉት ሌላ ነው። ብዙ የሠራ ጡንቻ ያስፈልጋችኋል። በሬው ሲራመድና ሲያርስ የሚሸከሙት የፊት እግሩና ደረቱ ናቸው። ስለዚህ ወርች፣ ፍሪምባ፣ ቅልጥም ያለበት የእግር ሥጋ ጠይቁ። ጮማ ለሚወድ ሰው ሻኛም ይሆናል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሠራ ጡንቻ ውስጥ ክሮቹን የሚያያይዝ ኮላጅን የሚባል ነገር በብዛት አለ። ሥጋውን ጥሬውን የሚያጠነክረው እሱ ነው። በቂ ሙቀትና በቂ ጊዜ ሲያገኝ ግን ይቀልጥና ጄላቲን ይሆናል። ወጡን የሚያወፍረውና ሥጋውን አፍ ውስጥ ለስላሳ የሚያደርገው ይኸው የቀለጠው ነው።

ሽንጥና ጭቅና ኮላጅናቸው ትንሽ ነው። ለጥብስ ግሩም ናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ብትቀቅሏቸው ግን የሚቀልጥላቸው ነገር ስለሌለ ውሃቸው ወጥቶ ደረቅ ክር ይሆናሉ። ውድ ሥጋ ገዝቶ ወጥ ላይ መጨመር ገንዘብም ሥጋም ማባከን ነው።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ተቆራርጦ «ስቱ ሚት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከተለያየ ብልት የተለቀመ ነው። አንዱ ቁራጭ ሲበስል ሌላው ገና ነው፤ ሦስተኛው ደርቋል። ሙሉውን ቸክ ገዝታችሁ ቤት ብትቆርጡት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ አዲስ የታረደ ከሆነ አሳርፉት

የቅርጫ ሥጋ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ከብት ከታረደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጡንቻው ይኮማተርና ይገተራል። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ቀስ በቀስ ይላላል። ጠዋት ታርዶ ከሰዓት ድስት ውስጥ የገባ ሥጋ ልክ በግትርነቱ ሰዓት የተያዘ ነው። ያው በሬ፣ ያው ብልት ከሁለት ቀን በኋላ ቢሠራ ልዩነቱ ይታያል።

ስለዚህ ለበዓሉ ምሳ ጥብሱንና ዱለቱን አስቀድሙ። ለቀይ ወጡ የመደባችሁትን ወርችና ፍሪምባ ግን ፍሪጅ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ቀን አቆዩት። በሰፊ ሳህን አድርጋችሁ፣ ላላ አድርጋችሁ ሸፍናችሁ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።

ገና ትኩስ የሆነውን የቅርጫ ሥጋ በቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱ። ጡንቻው ተገትሮ ሳይጨርስ በረዶ ከሆነ፣ በረዶው ሲቀልጥ በኃይል ይኮማተራል። እንዲህ ያለ ሥጋ ሲቀልጥ ብዙ ቀይ ውሃ ይለቃል፤ ሲበስልም ይጠነክራል። «ከፍሪዘር ያወጣሁት ሁሌ ጎማ ነው» የምትሉኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ችግራችሁ ይህ ነው። መጀመሪያ ትልልቁን እንደያዘ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ያሳልፍ። ከዚያ ቁረጡት፤ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍላችሁ ወደ ፍሪዘር አስገቡት። ልትሠሩት ስትሉ ደግሞ ማታ ወደ ፍሪጅ አውርዱት እንጂ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት።

ደረጃ 3፦ አጥሩት፣ ከዚያ ቁረጡት

ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት ሥጋውን ብርሃን ላይ ገልበጥ እያደረጋችሁ እዩት። ሁለት ዓይነት ነጭ ነገር ታያላችሁ። አንደኛው ሥጋው መሐል መሐል የሚሮጥ ቀጭን ነጭ መስመር ነው። እሱን ተዉት፤ የሚቀልጠው እሱ ነው። ሁለተኛው ላዩ ላይ የተለጠፈ፣ የሚያብለጨልጭ ጠንካራ ሽፋን፣ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ወፍራም ጅማት ነው። በተለይ አንገት አካባቢ ያለው ቢጫ ጅማት ቀኑን ሙሉ ብትቀቅሉት አይቀልጥም። ከሌላ ነገር የተሠራ ነው። የቢላውን ጫፍ ከሥሩ አስገብታችሁ፣ ስለቱን ወደ ሽፋኑ አዘንብላችሁ ግፈፉት።

አሁን የሥጋው ክር በየት በኩል እንደሚሄድ እዩ። ቢላችሁ ክሩን አቋርጦ መሄድ አለበት። ክሩን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ከዳር እስከ ዳር ረጅም ክር ይይዛል፤ ያንን ደግሞ ጥርስ ነው የሚያሳጥረው።

መጠኑ በየጎኑ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን። «ትልቅ ይመስላል» ትሉ ይሆናል። ሲበስል ግን በደንብ ይኮማተራል። «ቶሎ እንዲበስል» ተብሎ እንደ ጥብስ የተከተፈ ሥጋ ኮላጅኑ ሳይቀልጥ ውሃው ያልቅበታል። ከሁሉም በላይ ቁራጮቹ እኩል ይሁኑ፤ ካልሆኑ አንድ ላይ አይደርሱም።

በሎሚ ማጠብ ለምትወዱ፣ እጠቡት፤ ግን ያላላዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ሎሚው የሚነካው ላዩን ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ሥጋውን ለብቻው ጣዱ

ሥጋውን በቀጥታ ቁሌት ውስጥ የመጨመር ልማድ አለ። ለስላሳ ሥጋ ከሆነ ይሠራል። ለጠንካራ ሥጋ ግን አልመክረውም። ቁሌት ወፍራም ነው፤ ሥጋው የሚፈልገውን ያህል ሰዓት ሳይነካ ሊቆይ አይችልም፣ ከታች ይይዛል። እናንተ እንዳይቃጠል ስትሉ ታወጡታላችሁ፤ ሥጋው ጥሬ ጥንካሬውን እንደያዘ ይቀራል።

ስለዚህ ሥጋውን ወፍራሙ ድስት ውስጥ አድርጉና ከላዩ ሁለት ጣት እስኪያልፍ ውሃ ጨምሩ። 1 ሊትር ተኩል ገደማ ይሆናል። መካከለኛ እሳት ላይ ይፍላ። ግራጫ አረፋ ሲንሳፈፍ በማንኪያ እያነሳችሁ ጣሉ። ይህ መረቅ በኋላ ወጡ ውስጥ ስለሚገባ ንጹሕ ቢሆን ጥሩ ነው።

ጨው አሁን ትንሽ ብቻ ጨምሩ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ጨው ሥጋ ያጠነክራል የሚባለውን አትፍሩ። የምናሳንሰው መረቁ እየተነነ ሲሄድ ጨውነቱ ስለሚጨምር ነው።

ደረጃ 5፦ እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑ፣ ጠብቁ

አረፋው ካለቀ በኋላ እሳቱን ቀንሱት። የምትፈልጉት ከድስቱ ታች ተነስተው በዝግታ የሚፈነዱ ትንንሽ አረፋዎች ነው። ድስቱ ሲንፈቀፈቅና ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ ከሰማችሁ በዝቷል። ምንም አረፋ ከሌለ ደግሞ አንሷል። ክዳኑን በደንብ ግጠሙት።

ድስቱ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ቀሪውን ሁሉ ለመረዳት ይጠቅማል። ሥጋው 60 ዲግሪ ሲያልፍ የጡንቻው ክሮች ይኮማተራሉ፤ ልክ እርጥብ ጨርቅ ሲጨመቅ ውሃው እንደሚወጣ የሥጋውም ውሃ ይወጣል። ኮላጅኑም በዚያው አካባቢ መጀመሪያ ይሸበሸብና ይጠብቃል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓትና አንድ ሰዓት ላይ ሥጋው ከጥሬው የበለጠ ጠንካራ ነው። ይህ የግድ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ኮላጅኑ በደንብ መቅለጥ የሚጀምረው ከ80 ዲግሪ በላይ ብዙ ሲቆይ ነው። ሰዓት የሚፈጀው ይኼኛው ነው።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታነዱት ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከዚያ አያልፍም። ትርፉ ውሃው ቶሎ መትነኑ፣ ሥጋው ከውሃ በላይ መቅረቱና ሲሊንደሩ ቶሎ ማለቁ ነው።

ለዚህ ነው ከውጭ የተጻፈ የምግብ አሠራር «1 ሰዓት ተኩል» ሲላችሁ እዚህ የማይበቃው። አዲስ አበባ ላይ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት አስቡ። ዱባይ፣ ጅዳ ወይም ጅቡቲ ያላችሁ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ ሞክሩት። ሲያርስ የኖረ ያረጀ በሬ ከሆነ የትም ሁኑ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ያዙለት። ከብት ባረጀ ቁጥር ኮላጅኑ እርስ በርሱ እየተሳሰረ ስለሚሄድ ለመቅለጥ ያስቸግራል።

በየግማሽ ሰዓቱ አንዴ እዩት። ውሃው ከሥጋው በታች ከወረደ የፈላ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ድስቱ ይቀዘቅዝና እንደገና እስኪሞቅ የምታጡት ጊዜ አለ። ሦስት አራት ጊዜ ይህን ካደረጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሁሉ ሰዓት በሩና መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳይነድ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። ደጅ አድርጉት፤ ዝናብ ቢሆን እንኳ በረንዳ ላይ።

መብራት ቢሄድ አትደንግጡ። የቀለጠው ኮላጅን አይመለስም። ክዳኑን ሳትከፍቱ አቆዩት፤ መብራቱ ሲመጣ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከመሰላችሁ ግን ድስቱ ከመቀዝቀዙ በፊት ወደ ሲሊንደር አዙሩት።

ደረጃ 6፦ በሹካ ፈትኑት

ሰዓቱን አትመኑ፣ ሹካውን እመኑ። ትልቁን ቁራጭ አውጡ። ሹካውን መሐሉ ላይ ወግታችሁ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጉ።

ሹካው ለመግባት ከታገለ፣ ገና ነው። ከገባ በኋላ ስታነሱት ሥጋው አብሮት ከተንጠለጠለ፣ ተቃርቧል፤ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይቀረዋል። ሹካው ሳይቸገር ገብቶ፣ ሲጠመዘዝ ክሮቹ ከተለያዩና ስታነሱት ሥጋው ተንሸራቶ ከወደቀ፣ ደርሷል።

ሌላ ምልክትም አለ። የመረቁን ጠብታ በሁለት ጣት መሐል አድርጋችሁ አሹት፤ ቀዝቀዝ ሲል ጣታችሁን ጨበጥ ካደረገው ኮላጅኑ እየቀለጠ ነው። ውሃ ውሃ ብቻ ካለ ግን ገና ብዙ ይቀራል ወይም የገዛችሁት ቀይ ሥጋ ብቻ ነው።

ሁለት ሦስት ቁራጭ ከተለያየ ቦታ ፈትኑ። አንዱ በስሎ ሌላው ካልደረሰ፣ የደረሰውን አውጥታችሁ ክዳን ባለው ሳህን አስቀምጡት።

ደረጃ 7፦ ሥጋው ሲበስል ቁሌቱን ሥሩ

ሥጋው ሁለት ሰዓት ሲሞላው ሽንኩርቱን በሌላ ድስት ያለ ዘይት አቁላሉት። ውሃው እስኪመጥና ወርቃማ እስኪሆን 20 ደቂቃ ይፈጃል። ዘይቱን ጨምሩ፤ ትንሽ ቆይታችሁ በርበሬውን። ከዚህ በኋላ በውሃ ፋንታ ከሥጋው መረቅ በጭልፋ ጠብ እያደረጋችሁ ሌላ 20 ደቂቃ አማስሉ። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሩ። ቁሌቱ የምታውቁት ነው፤ እናንተ እንደለመዳችሁት ሥሩት።

ደረጃ 8፦ አገናኙት

ሥጋው የሹካውን ፈተና ካለፈ በኋላ ብቻ ወደ ቁሌቱ ይገባል። ይህን ደጋግሜ የምለው ብዙ ወጥ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ነው። «ቁሌቱ ውስጥ ይጨርሳል» ብሎ ግማሽ የበሰለ ሥጋ መጨመር አይሆንም። ወፍራም ወጥ ውስጥ እሳቱን መቀነስ ግድ ስለሆነ ቀሪው ግማሽ አይጨርስም።

ሥጋውን ከ3 ጭልፋ መረቅ ጋር ጨምሩና በዝቅተኛ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይንተክተክ። እዚህ የምንጠብቀው ቅመሙ ሥጋው ውስጥ እንዲገባ ነው። ስታማስሉ ከታች ወደ ላይ በዝግታ፤ አሁን ሥጋው በቀላሉ ይበተናል። ቅቤውን፣ መከለሻውንና የቀረውን ጨው መጨረሻ ላይ አድርጉ። ከምድጃ አውርዳችሁ ከመቅረቡ በፊት 15 ደቂቃ ተከድኖ ይረፍ። ሥጋው ሲበርድለት ያጣውን እርጥበት በከፊል መልሶ ይይዛል።

የተረፈውን ወጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ። ትልቅ ድስት እንዳለ ቶሎ ስለማይበርድ ወደ ትንንሽ ዕቃ ገልብጡት።

በሰዓት ሲቀመጥ

ቅዳሜ 7 ሰዓት ላይ ምሳ ይቀርባል እንበል። ሥጋው ሐሙስ የተገዛ 1 ኪሎ ወርችና ፍሪምባ ነው፤ ሁለት ቀን ፍሪጅ አድሯል። ቦታው አዲስ አበባ ነው።

ጠዋት 2፡30 ላይ ሥጋው ተቆርጦ ተጣደ። 3 ሰዓት ላይ ፈላ፣ አረፋው ወጣ፣ እሳቱ ቀነሰ። 4 ሰዓት ላይ ሲቀመስ ጎማ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፤ እናንተ ክደኑት። 5 ሰዓት ላይ ሹካው ይገባል፣ ግን ሥጋው ይንጠለጠላል። ሽንኩርቱ አሁን ይጣዳል። 5፡40 ላይ ሥጋው ከሹካው ይወድቃል። 5፡50 ላይ ቁሌቱ ውስጥ ይገባል። 6፡30 ላይ ወርዶ ያርፋል። ከ15 ደቂቃው ማረፊያ ሌላ 15 ደቂቃ ትርፍ አለ። ያ ትርፍ ለበሬው ዕድሜ ነው፤ ከገዢው የተደበቀ ነገር ስለሆነ ሁልጊዜ ያዙለት።

ጠንክሮ ከቀረ፦ የትኛው ጥንካሬ ነው?

ሁሉም ጥንካሬ አንድ አይደለም፤ መፍትሔውም ይለያያል። አንድ ቁራጭ አኝኩና ለዩት።

ጥርስ ሲጫነው ተመልሶ የሚነሳና የሚንሸራተት ከሆነ፣ ኮላጅኑ አልቀለጠም። መፍትሔው ጊዜ ነው። ወጡ ውስጥ ከገባም ይድናል። ቁራጮቹን ለቅማችሁ አውጡና በቀረው መረቅ ወይም በፈላ ውሃ ለብቻቸው ቀቅሉ። ቁሌቱ ይጠብቃል።

በቀላሉ የሚፈታ ግን ደረቅ ክር ሆኖ ጥርስ መሐል የሚቀር ከሆነ ደግሞ የተለየ ነው። ቀይ ሥጋ ነበር፣ ወይም ከሹካው ፈተና በኋላ ብዙ ቆይቷል። ተጨማሪ መቀቀል ያባብሰዋል። የወጣው ውሃ አይመለስምና በጣት ተልትላችሁ ወጡ ውስጥ በትኑት፤ ቅቤ ጨመር አድርጉ። ቀጭን ክር መረቁን ስለሚጠጣ ድርቀቱ ብዙም አይታወቅም።

ሥጋው ራሱ ለስላሳ ሆኖ አንድ ነጭ ነገር ብቻ አልታኘክ ካለ፣ ሳይገፈፍ የቀረ ጅማት ነው። ለዚያ መድኃኒቱ ቢላ ብቻ ነው።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች

ክዳኑን በየአምስት ደቂቃው መክፈት የመጀመሪያው ነው። በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ይወጣል፣ የላይኛው ሥጋ ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው ድስት መሙላት ነው። 3 ኪሎ ሥጋ ጠባብ ድስት ውስጥ ታጭቆ የታቹ ሲፈርስ የላዩ ጥሬ ነው። ወይ ሁለት ድስት አድርጉት ወይ ሰፊ ፈልጉ።

ሦስተኛው ፓፓያ ወይም ቤኪንግ ሶዳ አብዝቶ መቀባት ነው። ሁለቱም ላዩን ያላሉታል፤ ከበዙ ደግሞ ላዩ ሊጥ ሆኖ ውስጡ እንዳለ ይቀራል። ሶዳው ጣዕሙንም ያበላሻል። ለሦስት ሰዓት ብስለት ሁለቱም አያስፈልጉም።

በፕሬዠር ለምትሠሩ

ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ፕሬዠር ቢገዛ አይቆጨውም። እንፋሎቱ ስለሚታፈን ውስጡ ያለው ውሃ አዲስ አበባም ላይ ሆኖ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ኮላጅኑ በዚያ ሙቀት በጣም ቶሎ ይቀልጣል።

ሥጋውን በውሃና በትንሽ ጨው ብቻ ጣዱ። ማፏጨት ከጀመረ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ 40 ደቂቃ፤ ላረጀ በሬ 55። ከዚያ እሳቱን አጥፉና እንፋሎቱ በራሱ እስኪወጣ 15 ደቂቃ ያህል ተዉት። በማንኪያ ቫልቩን አንስታችሁ በአንዴ ብታስተነፍሱት ሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ በድንገት ፈልቶ ይወጣል፣ ሥጋውም ይደርቃል። ከዚያ ከፍታችሁ በሹካ ፈትኑ። ካልደረሰ እንደገና ከድናችሁ 10 ደቂቃ ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት። ከመጣዳችሁ በፊት የእንፋሎት ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ፤ ወዲያ ማዶ ካልታየ ተዘግቷል፣ በቀጭን ሽቦ አጽዱት። ቁሌት ውስጡ አትሥሩ። በርበሬና ሽንኩርት ቀዳዳውን ይደፍናሉ፣ ከታችም ያርራሉ። ክዳኑ አልከፈት ካለ ደግሞ ውስጡ ገና ግፊት አለ ማለት ነውና አትታገሉት፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት።